ታኅሣሥ ስምንት ነው

ከሆስፒታል የመጣው ወረቀት በአራት ተጣጥፎ ነዕማ በለበሰችው ቶብ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። አዋላጇ ዐዋጢፍ ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው፤ የነዕማ እጅ ሆዷን እንደያዘ ነበርና። ወረቀቱ የሚለው አጭር ነው። እርግዝናው ሠላሳ ሁለት ሳምንት ከአራት ቀን። የመውለጃ ቀን ጥር 2። የፅንሱ መጠን ከዕድሜው ጋር የተመጣጠነ። ወደ ቤቷ ሄዳ ከአራት ሳምንት በኋላ ትምጣ። ከታች ፊርማና ማኅተም።

ዐዋጢፍ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ነዕማን ጠዋት በሪፈር ስትልካት ልክ ሠላሳ ስድስት ሳምንቷ ነበር። ከጤና ጣቢያው አሶሳ በባጃጅ አርባ ደቂቃ ነው፤ ሰውን ሃያ አራት ቀን ወደ ኋላ የሚመልስ መንገድ መሆኑን ግን እስከዚያ ቀን አልሰማችም።

ሙዳሲር፣ የነዕማ ባል፣ በዜናው ደስ ብሎታል። ማሽላው ገና አልተሰበሰበም፤ ሚስቱ በእናቶች ማቆያው አልጋ ላይ ተቀምጣ ቀን ከምትቆጥር እቤቷ ብትቆጥር ምን አለበት? ነገ ሞተር ይዞ ሊወስዳት እንደሚመጣ በስልክ ነግሯት ነበር። ነዕማ ይህን ለዐዋጢፍ ስትነግራት ፊቷ ላይ ደስታም ኀዘንም አልነበረም። ማቆያው ውስጥ ገብታ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች፤ ጫማዋንም አላወለቀችም።

የዚህ ነገር ሥር ያለው ባለፈው ዓመት ረመዳን ላይ ነው።

ነዕማ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርድ ያወጣች ዕለት፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ ዐዋጢፍ ለስልጠና ሄዳ ነበር። ካርዱን የሞላው አዲስ የተመደበ ወንድ ነርስ ነው። የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር ሲላት፣ ነዕማ ለማያውቁት ወንድ እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት መናገር አልሆነላትም። ስለዚህ በአገሯ ወግ በጎን ነገረችው፦ ረመዳን አሥራ ስምንት ቀን ወደ ጾሜ ተመለስኩ አለችው። በእሷ ቤት ይህ ከበቂ በላይ ግልጽ ነው። ሴት በወር አበባዋ ቀናት አትጾምም፤ ሲያበቃ ታጥባ ትመለሳለች፤ የጎደሉትን ቀናት በኋላ ትከፍላለች። ነርሱ ትሑት ሰው ነበር፤ ሌላ አልጠየቀም። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየና ረመዳን አሥራ ስምንትን መጋቢት 9 ብሎ ጻፈ። ከዚያ እንደ ደንቡ ዘጠኝ ወር ቆጠረ፤ ታኅሣሥ 9 ደረሰ። ጳጉሜን በመሐል ካልገባች አሥር ቀን ይጨመራል፤ ከገባች ግን አምስት ብቻ፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ አራት። ያን ዓመት ጳጉሜን አምስት ነበረች። ነርሱ አምስት ጨምሮ ታኅሣሥ 14 ብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈረ። ስሌቱ እንከን የለውም። መነሻው ብቻ ነው የተሳሳተው፤ የሚቆጠረው ደም ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን እንጂ ካበቃበት አይደለም።

ዐዋጢፍ በነጋታው ስትመለስ፣ አዲስ ለመጣች ሁሉ እንደምታደርገው፣ ነዕማን አሶሳ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ለአልትራሳውንድ ላከቻት። ዐዋጢፍ ይህን ነገር የያዘችው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ሌላው ሰው ጠበቃ እንደሚይዝ እሷ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታየ አልትራሳውንድ ትይዛለች። ሚያዝያ 29 ቀን የክሊኒኩ ባለሙያ ሰንበቴ ፅንሱን ከአናቱ እስከ መቀመጫው ለካችው፤ አሥራ ስድስት ሚሊሜትር፤ ልቡ ይመታል፤ ድፍን ስምንት ሳምንት። በነርሱ ቆጠራ ግን የዚያን ዕለት ሰባት ሳምንት ከአንድ ቀን ነው መሆን የነበረበት። ልዩነቱ ስድስት ቀን። ከዘጠኝ ሳምንት በፊት ልዩነቱ ከአምስት ቀን ካለፈ የአልትራሳውንዱ ቀን ይያዛል። ዐዋጢፍ ታኅሣሥ 14ን ሰረዘችና ታኅሣሥ 8 ብላ ጻፈች፤ የሰንበቴንም ወረቀት ከካርዱ ጀርባ በስቴፕለር አያያዘችው።

ነገሩ ከንክኗት ግን ነዕማን ለብቻዋ አስቀምጣ በበርታ ቋንቋ ጠየቀቻት። ስንት ቀን ነው ያልጾምሽው? ስድስት፣ አለች ነዕማ፤ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሰባት። ረመዳን አሥራ ሁለት መጋቢት 3 ነው። ከመጋቢት 3 ሲቆጠር ታኅሣሥ 8 ይመጣል። ማሽኑና ረመዳን በአንድ ቀን እንኳ አልተለያዩም። ዐዋጢፍ ያን ዕለት ሻይዋን በሁለት ስኳር ጠጣች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ደህና ሄደ፤ እስከ ጥቅምት። በጥቅምት ሜትሩ ቆመ። ዐዋጢፍ ከሆድ ግርጌ ካለው አጥንት ተነስታ ማህፀኑ እስከደረሰበት ድረስ በሜትር ትለካለች፤ በዚህ ጊዜ ሴንቲሜትሩ ከሳምንቱ ብዙም አይርቅም። የነዕማ ግን በሠላሳ አራት ሳምንት ሠላሳ አንድ ነበር፤ በሠላሳ ስድስትም ሠላሳ አንድ። ቤቷ ሩቅ በመሆኑ ማቆያው ውስጥ ካስገባቻት በኋላ የላከቻት ለዚህ ነው፤ ልጁ እያደገ መሆን አለመሆኑን እዩልኝ ብላ። የሆስፒታሉ ሰዎች ደግሞ ልጁን ለኩና ትንሽ ሆኖ ሲያገኙት፣ ዕድሜውን ከቁመቱ ጋር አስታረቁት።

ወረቀቱ በመጣ በማግስቱ፣ ኅዳር 11 ጠዋት፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ደባልቄ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ወደ ማዋለጃው መጡ። አቶ ደባልቄ በልጅነታቸው ከወሎ ከመጡ ሰፋሪዎች ቤት ያደጉ፣ ለማኅተም ትልቅ አክብሮት ያላቸው ሰው ናቸው። ማቆያው ስድስት አልጋ ብቻ እንዳለው፣ አራት ሴቶች እየጠበቁ እንደሆነ፣ የሠላሳ ሁለት ሳምንት እርጉዝ እዚያ የምትተኛበት ሕግ እንደሌለ አስረዷት። ሐኪም የወሰነውን አዋላጅ አትሽርም አሉ። ደግሞም፣ አሉ ካርዱን ገልብጠው እያዩ፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ማስረጃ አይሆንም።

ዐዋጢፍ ሁሉንም በትሕትና ሰማች። ከዚያ ነጭ ወረቀት ከመሳቢያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ ይጻፉልኝ" አለች። "'ነዕማ በእኔ ትእዛዝ ወደ ቤቷ ሄዳለች፤ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ኃላፊው እኔ ነኝ።' ከዚያ ይፈርሙ። እኔ አሁኑኑ ጓዟን ተሸክሜ ሞተሩ ድረስ እሸኛታለሁ።"

አቶ ደባልቄ የደረት ኪሳቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ሁለት እስክሪብቶ ነበረበት። እስክሪብቶ እንዳልያዙ ተናገሩ።

"የኔ አለ" አለች።

"ሲስተር ዐዋጢፍ፣ አንቺ እልኸኛ ነሽ።"

"አይደለሁም፤ ታኅሣሥ ስምንት ነው።"

እሳቸው እየሄዱ፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታ ብትነሳ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሚጠብቃት አሳወቋት። ዐዋጢፍ ነጩን ወረቀት መልሳ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ጫማ ቀየረች።

ሙዳሲር በሩ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ነዕማ ከማቆያው ወጣች፤ ጓዟን ግን አልያዘችም። ባሏ ጓዝሽስ ሲላት አልጋዬ ላይ ነው አለችው። ለምን አልጋሽ ላይ? እመለስበታለሁና። ሙዳሲር ዐዋጢፍን አየ፤ ዐዋጢፍ ሰማዩን አየች። በመጨረሻ እሱ ሞተሩን አጥፍቶ ባጃጅ ፍለጋ ሄደ። ማሽላው አንድ ቀን ቢቆይ የትም አይሄድም ብሎ የተናገረው ራሱ ነው፤ ማንም አላስገደደውም።

አሶሳ ሲደርሱ ሆስፒታሉ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ወረቀቱን የፈረመው ዶክተር ቦዔዝ አሶሳ ከመጣ ሰባት ወሩ ነው፤ የወለጋ ቄስ ልጅ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፤ በቀን ስልሳ ሰው የሚያይ። ዐዋጢፍ እንደ ማንኛውም ሰው ተራ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ ግን ገብታ ወንበሩ ላይ ነዕማን አስቀመጠችና ራሷ በሩ አጠገብ ቆመች፤ የቆመችው አኳኋን ለመሄድ እንዳልመጣች ይናገር ነበር።

ዶክተሩ ነዕማን አወቃት። ትናንት አይቻት የለም እንዴ አለ። ዐዋጢፍ ካርዱን ሰጠችውና ቀኑ ስህተት መሆኑን ተናገረች። ተቃውሞ ሲገጥመው የሚያደርገውን አደረገ፦ ስልኩን አውጥቶ የእርግዝና ቀን የሚስተካከልበትን ሠንጠረዥ ከፈተ።

"ሲስተር፣ እኔም በዘፈቀደ አልቀየርኩም" አለ። "ከሃያ ስምንት ሳምንት በኋላ ልዩነቱ ከሃያ አንድ ቀን ካለፈ ቀኑ ይቀየራል። የእሷ ሃያ አራት ነው። ካርዱ ላይ ያለውም ቀን አንዴ ተሰርዟል። የወር አበባዋን በእርግጠኝነት የማታውቅ ሴት መሰለችኝ።"

"ያ መስመር መጀመሪያ ላይ ላልታየች ሴት ነው፤ ዶክተር። በስምንት ሳምንት የታየች ሴት ቀኗ አንዴ ተቆርጧል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማሽን ልጁን ይለካል እንጂ ቀኑን አይነካም።" ካርዱን ገለበጠችና በስቴፕለር የተያዘውን ወረቀት አሳየችው። "የሰረዝኩት እኔ ነኝ። የሰረዝኩትም በዚህ ነው። ትናንት በሪፈሩ ላይ ታኅሣሥ ስምንት ብቻ ብዬ፣ በምን እንደተወሰነ አለመጻፌ የእኔ ጥፋት ነው። ቀኑ ግን ጥፋት የለበትም።"

ዶክተሩ የሰንበቴን ወረቀት አነበበ። አሥራ ስድስት ሚሊሜትር፣ ሚያዝያ 29። ጣቱን ሚሊሜትሩ ላይ አሳርፎ ቆየ። የግል ክሊኒክ ማሽን ምን ያህል እንደሚታመን ጠየቀ፤ ግን የጠየቀው በላላ ድምፅ ነበር፤ ላይገዛ ዝም ብሎ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው።

ዐዋጢፍ ወደ ፊት አንድ እርምጃ መጣች። በስምንት ሳምንት የሀብታምም የድሃም፣ የረጅምም የአጭርም ልጅ እኩል ነው አለች፤ ያኔ የምንለካው ጊዜን ነው። አሁን ግን እያንዳንዱ እንደየቤቱ አድጓል፤ ወይም አላደገም፤ አሁን የምንለካው ልጁን ነው።

"የአራት ዓመት ልጅ ከስቶ ቢመጣልህ 'ሁለት ዓመቱ ነው፤ ደህና ነው' ብለህ ትመልሰዋለህ?" አለች። "በዚህ አካሄድ በዓለም ላይ የቀጨጨ ፅንስ የሚባል አይኖርም። ባነሰ ቁጥር ቀኑን እናሳንስለታለን፤ ሁሉም ልክ ይሆናል፤ ሁሉም ወረቀት ያምራል። እኔ የላክኋት ልጁ ትንሽ ስለሆነ ነው። እናንተ ትንሽ መሆኑን አይታችሁ ደህና ነው አላችሁ።"

ውጭ ተሰላፊዎቹ በበሩ ክፍተት ሲያዩ ነበርና አንዲት አሮጊት በሩን ቀስ አድርገው ይበልጥ ከፈቱት።

እስከዚያ ድረስ ነዕማ አልተናገረችም። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ነው፤ በቲማቲምና በባሚያ ነገር ማንም አያሸንፋትም፤ ስለ ራሷ ገላ በአማርኛ ለወንድ ተናግራ ግን አታውቅም። አሁን ቶቧን ከራሷ ላይ አስተካከለችና ሐኪሙን ፊት ለፊት አየችው።

"ዶክተር፣ አንተ ስማ" አለች። "እኔ ቀን አውቃለሁ። ረመዳን አሥራ ሁለት ደም መጣ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፤ ጾም የለም። አሥራ ስምንት ታጠበ፣ ጾመ። ስድስት ቀን አላህ ጋ ዕዳ አለብኝ፤ ስወልድ እከፍላለሁ። የአላህ ዕዳ ሰው ይሳሳታል? ያ ነርስ ልጅ አሥራ ስምንት ጻፈ፤ እኔ አፍሬ ነው። ዛሬ አላፍርም።" እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። "ይህ ልጅ ሦስት ቀን ነው፣ እንደ በፊት አይመታም። ቤት አልሄድም። አልጋ ከሌለ መሬት አለ።"

ዶክተር ቦዔዝ ስልኩን ሠንጠረዡ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው። ከረመዳን አሥራ ሁለት ተነስቶ በጣቱ ቆጠረ፤ መጋቢት 3፤ ዘጠኝ ወር፤ ጳጉሜን አለች፤ አምስት። ታኅሣሥ 8። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ዐዋጢፍ ታያለች፤ አላገዘችውም። ከዚያ ተነሳና ነዕማን ራሱ ወደ አልትራሳውንዱ ክፍል ይዟት ሄደ፤ ተሰላፊው ሁሉ ለማለፍ ቦታ ለቀቀላቸው።

በዚህኛው ልኬት ወቅት ዕድሜ ፍለጋ አልሄደም። ከሠላሳ ስድስት ሳምንት ከአንድ ቀን ጋር አወዳደረው። ሆዱ ቀጭን ነው፤ ክብደቱም ከመቶ የዕድሜ እኩዮቹ መሐል ከመጨረሻዎቹ ሦስት ይመደባል። ቀጥሎ በልጁ ዙሪያ ያለውን ውሃ ፈለገ። ውሃው የተጠራቀመበት ትልቁ ኪስ ቢያንስ መሆን የሚገባውን ሁለት ሴንቲሜትር አልሞላም። ትናንት ውሃውን "በቂ" ብሎ ያለፈው ራሱ ነበር፤ አሁን ግን ደግሞ ለካው።

የልብ ምቱን ለግማሽ ሰዓት አዳመጡት፤ ልቡ ደህና ነው፤ ሲንቀሳቀስም ይፈጥናል። ዶክተሩ ለነዕማ የነገራትን ዐዋጢፍ ወደ በርታ መለሰችላት። እትብቱና እንግዴ ልጁ በቂ ምግብ እያደረሱ አይደለም። ልቡ እንደዚህ ከቀጠለ ሠላሳ ሰባት ሳምንት እስኪሞላ፣ ማለት እስከ ኅዳር 17፣ እዚሁ ተኝታ በየቀኑ ትታያለች፤ እንቅስቃሴውን ትቆጥራለች፤ የሚያስፈራ ነገር ከታየ ያን ቀን አይጠብቁም። ታኅሣሥ ስምንትን መጠበቅ ግን የለም፤ ጥር ሁለትንማ አታንሺው አለ። የትናንቱን ወረቀት ከዐዋጢፍ ተቀበለና ጥር 2ን ራሱ ሰረዘው።

ሰርዞ ሲጨርስ ከጎኑ ፈረመበት። ይቅርታ አላለም። "ሲስተር፣ ስምሽ ማነው?" አለ፤ ነገረችው፤ ወረቀቱ ላይ ጻፈው።

ሙዳሲር ኮሪደሩ ላይ ይህን ሲሰማ ቀኑ ትክክል ከሆነ ልጁ ለምን ትንሽ ሆነ ብሎ ጠየቀ። የሚገርመው፣ ከሁለት ቀን ወዲህ ይህን ጥያቄ የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

ዐዋጢፍ ስትመለስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ማኅተሙ ቀጥ ብሎ ተመቷል። አነበበችው፤ ሁለት የፊደል ግድፈት አረመችና ደረሰኝ ላይ ፈርማ ለጸሐፊዋ መለሰች። ማቆያው ገብታም የነዕማን አልጋ ለሌላ ሴት አነጠፈች፤ ጓዟን ደግሞ በነጋታው ለሙዳሲር አስረከበችው።

ኅዳር 17 ምጥ የሚያመጣው መድኃኒት ተጀመረ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሁለት ኪሎ ለመሙላት ሃያ ግራም የጎደላት፤ እግሮቿ ቀጫጭን፤ ዓይኖቿ እንደ ትልቅ ሰው የፈጠጡ። ከመጠቅለሏ በፊት ጮኸች፤ ከተጠቀለለችም በኋላ አላቆመችም። ዐዋጢፍ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ያለ ፈቃድ የተባለ ነገር ሳይኖር እዚያው ነበረች።

ዶክተር ቦዔዝ ሊያያት ገባ። ሳይጠየቅ የሕፃኗን እግር ከጨርቁ አውጥቶ ውስጥ እግሯን ወደ ብርሃኑ አዞረ። መስመሮቹ ከጣቶቿ ሥር ተነስተው መሐሉን አልፈው ወደ ተረከዟ ወርደዋል። የሠላሳ ሦስት ሳምንት ልጅ እግር እንደዚህ አይደለም፤ ከጣቶቹ ሥር ቀጫጭን መስመር ይኖረው ይሆናል፤ የቀረው ልሙጥ ነው። ጆሮዋን በጣቱ አጠፈው፤ ሲለቀው ቶሎ ተመለሰ። እግሯን መልሶ ሸፈነና ለዐዋጢፍ በግንባሩ ምልክት ሰጣት፤ እሷም ልክ እንደማታውቅ ሰው ወደ መስኮቱ አየች።

ከሰዓት በኋላ ተረኛዋ ነርስ የሕፃናት መዝገቡን ይዛ መጣች። ሚዛኑን አየች፤ ከሁለት ኪሎ በታች። እንዲህ ያለውን ብዙ ጽፋለች። ያለ ቀኗ የተወለደች በሚለው ላይ ምልክት ልታደርግ እስክሪብቶዋን አወረደች።

"አይደለም" አለች ነዕማ ከአልጋው። "ቀኑ ሞላ። ሠላሳ ሰባት። እሷ ትንሽ ነው፤ ቀን ግን ሞላ።"

ነርሷ ይህን ማን እንዳለ ጠየቀች፤ ዶክተሩ ነው ወይስ ሲስተር?

ነዕማ ልጅቷን ጡቷ ላይ አስተካክላ ቀና ሳትል፣ "እኔ" አለች።